የወጥ ቅመሜ መረረ፤ ስንት ደቂቃ ነው የሚታመሰው?

ሚሚ ከፒያሳ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ዕለት መርካቶ ወርጄ የወጥ ቅመም ገዛሁ፦ ድንብላል፣ ከሙን፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ። አቧራ ነበረው፤ አጠብኩት። ክረምት ስለሆነ ፀሐይ የለም፤ ቤት ውስጥ ጨርቅ ላይ አሰጣሁት። ትናንት አመስኩት።

እናቴ በስልክ «ሽታው እስኪያውድ እመሺው» አለችኝ። አንድ ቪዲዮ ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ ይላል። አምስቱንም አንድ መጥበሻ ላይ ገለበጥኳቸው። 3 ደቂቃ ሲሞላ ምንም ሽታ የለም፤ ድንብላሉም መልኩን አልቀየረም። ስለዚህ ቀጠልኩ። ወደ 7 ደቂቃ ሲደርስ ቤቱ በሽታ ተሞላ፤ ድንብላሉም ቀላ አለ። ቡታጋዙን አጥፍቼ እዚያው መጥበሻው ላይ ተውኩትና ስልክ አነሳሁ። ስመለስ ጭስ ጭስ ይላል።

ፈጨሁት። ዛሬ ምስር ወጥ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመርኩ፤ ወጡ መረረ። ባለቤቴ ዝም ብሎ በላ፤ እኔ ግን መጨረስ አቃተኝ። ወደ ግማሽ ኪሎ ቅመም ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ትክክለኛው ደቂቃ ስንት ነው?

---

የካዛንቺሱ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:45

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ሳይሆን የወፍጮ ቤቱ ነው። ከአንቺ በፊት የተፈጨው ነገር ወፍጮው ውስጥ ይቀራል። እኔም አንድ ጊዜ ሽሮ አስፈጭቼ ሌላ ሰው ያስፈጨው ነገር ገብቶበት ጣሙ ሁሉ ተለወጠ። መጀመሪያ አንድ ጭልፋ እህል አስገብተሽ አስጠርጊው።

---

ሚሚ ከፒያሳ · እሁድ፣ ከምሽቱ 1:52

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ወፍጮ ቤት አልወሰድኩትም። ቤት ባለችኝ ትንሽ የቡና መፍጫ ነው የፈጨሁት።

---

ዳኒ ወጥ ቤት · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:10

ሚሚ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስህተትሽ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መጥበሻሽ በደንብ አልጋለም። የውሃ ጠብታ ጣል ስታደርጊበት ጠብታው መጥበሻው ላይ መሽከርከር አለበት። ያን ጊዜ ቅመሙን ጨምሪ፤ 30 ሰከንድ፣ ቢበዛ 40፣ ከዚያ አውጪ። እሳት ላይ የሚቆይ ቅመም ሽታው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ስታጠፊው ወዲያው ከመጥበሻው ላይ አውርጂው። የጋለ ብረት ከእሳት ከወረደም በኋላ ማብሰሉን ይቀጥላል።

ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ሁሉ ነገር ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው ቪዲዮው ላይ ያለው 3 ደቂቃ ያልሠራልሽ።

---

እትዬ ባልትና · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:05

ልጄ ሚሚ፣ አይዞሽ። ከሃያ ዓመት በላይ ባልትና ስሠራ ይህንኑ ጥያቄ ስንቷ ሴት ጠይቃኛለች። እስቲ አንድ ነገር ተመልከቺልኝ። ያልፈጨሽው የተረፈ አለ? ካለ አንድ ፍሬ አብሽ አንሺና በቢላ ጀርባ ስበሪው። ውስጡ ምን ይመስላል? ከሙኑስ ምን መልክ አለው?

ዳኒ፣ አውርጂው ያልከው ትክክል ነው። የውሃ ጠብታው ግን ለሥጋ ነው የሚሆነው ልጄ። መጥበሻ እንደዚያ ከጋለ የከሙን ቆዳ በአንድ ትንፋሽ ያርራል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ሲፈጭ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ወጡ ይመራል፤ ጥሬ ጥሬም ይላል።

---

ሚሚ ከፒያሳ · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:20

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመፍጫው የተረፈች እፍኝ አለች። አብሹን ሰበርኩት፤ ውስጡ ቀይ ቡናማ ነው፣ እንደ ሸክላ። ከሙኑ ጠቁሯል፤ በጣቴ ስይዘው ይፈረፈራል። ድንብላሉ ግን ያምራል። ኮረሪማውን ስነክሰው ገና እርጥብ ነገር አለው።

---

እትዬ ባልትና · እሁድ፣ ከምሽቱ 3:48

በቃ፣ ነገሩ እሱው ነው። አብሽሽና ከሙንሽ አርረዋል፤ ድንብላልሽ ደርሷል፤ ኮረሪማሽ አልደረሰም። አምስቱን በአንድ እሳት ስታምሺ በድንብላሉ ነው ያየሽው። ድንብላል ደግሞ ወፍራም ነው፤ ዘግይቶ ይደርሳል። እሱ እስኪቀላ ደቃቁ ሁሉ አለቀ።

አብሽ ሲታመስ ውስጡ ወርቅማ ቢጫ እንደሆነ መቆየት አለበት። ወደ ቀይ ከዞረ ምሬቱ አይመለስም። ወጥሽን ያስመረረው በአብዛኛው እሱ ነው።

አሁን ወደ ደቂቃው ልምጣ። ልጄ፣ «3 ደቂቃ» ያለሽ ሰው አልዋሸም። ያንቺ ቅመም ግን የታጠበ ነው፤ በነሐሴ ቤት ውስጥ የተሰጣ ነው። እጅሽ ላይ ደረቅ ቢመስልሽም ውስጡ ውሃ አለ። እርጥብ ፍሬ መጥበሻ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል። ያን ጊዜ የሚሸተው እንደ ረጠበ ገለባ ነው። መልኩም አይለወጥም። እንፋሎቱ ካለቀ በኋላ ነው ማመስ የሚጀምረው። የኔ ደቂቃ የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንቺ 3ቱን ደቂቃ እንፋሎት በማውጣት ጨረስሽው። «ምንም አልሆነም» ብለሽ ስትቀጥዪ፣ እውነተኛው ማመስ ያኔ ገና መጀመሩ ነበር። ከዚያ በኋላ 4 ደቂቃ፣ ከዚያም የጋለ መጥበሻ ላይ መተው ሲጨመርበት አለቀለት።

---

ሶስና · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:02

እትዬ፣ እንፋሎቱ ማለቁን በምን አውቃለሁ? እኔ አይቼው አላውቅም። ጭስና እንፋሎት ይምታታብኛል።

---

እትዬ ባልትና · እሁድ፣ ከምሽቱ 4:15

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀዝቃዛ የብርጭቆ ክዳን ወይም የሻይ ማንኪያ ጀርባ ከመጥበሻው በላይ አንድ ጣት ያህል አስጠጊ። ጉም ከያዘ ውሃ አለ። ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ አልቋል።

በእጅም ይታወቃል። እርጥብ ፍሬ ስታገላብጪው ይከብዳል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሲደርቅ ይቀላል፤ መጥበሻው ላይ እንደ ጠጠር ይንሸራተታል፤ ድምፁም ይለወጣል። እኔ አሁን ማንኪያም አልይዝም፤ በድምፁ ነው የማውቀው።

ጭስ ከሆነ አፍንጫሽን ይነካል፤ ዓይንሽን ይቆጠቁጣል። ጭስ ካየሽ አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ትሪ ላይ ገልብጪ።

---

መምህር ከአራት ኪሎ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ሰላም። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ዳኒ ባነሳው ከፍታ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው እንጂ 100 ላይ አይደለም። ባቄላና ሥጋ ለመብሰል የሚዘገዩት ለዚህ ነው፤ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ከውሃው በላይ ሊግል አይችልም።

መጥበሻ ላይ ያለ ደረቅ ፍሬ ግን ውሃ ውስጥ አይደለም። በውስጡ ያለው እርጥበት እስካለ ድረስ ሙቀቱ ብዙ አይወጣም። እርጥበቱ ሲያልቅ የብረቱን ሙቀት ይከተላል፤ ያን ጊዜ ከፍታው አያግደውም። እትዬ «ደቂቃው ከእንፋሎቱ ወዲህ ይቆጠራል» ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በድንገት የሚፈጥነውም ለዚሁ ነው።

---

ዳኒ ወጥ ቤት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

የከፍታውን ነገር ተቀብያለሁ መምህር። በሙቀቱ ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ወጥ ቤታችን ውስጥ በኃይለኛ እሳት ነው የምንሠራው፤ ምሬት አልገጠመንም። መጥበሻውን ሳያቋርጡ ካወዛወዙት ይሆናል። እርግጥ የኛ ቅመም ታጥቦ አይመጣም፤ ደረቅ ነው።

---

እትዬ ባልትና · ሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

ዳኒ፣ እጅህ የለመደ ስለሆነ ነው። ለ40 ሰከንድ ዓይንህን ካልነቀልክ ይሆንልሃል። ቤት ውስጥ ግን ልጅ ይጠራል፣ በር ይንኳኳል። በመካከለኛ እሳት የሚሠራ ሰው ቢዘናጋም 20 ሰከንድ መመለሻ አለው። በኃይለኛ እሳት ያቺ 20 ሰከንድ የለችም።

ሚሚ፣ እንደገና ስትሠሪ እንዲህ አድርጊ። ታጥቦ የተሰጣውን ሁሉ አስቀድመሽ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ፣ ቅመም በቅመም፣ እንፋሎቱን አስወጪ። ትሪ ላይ አብርጂው። ማመሱን ከዚያ በኋላ ጀምሪ። ሥራው ሁለት ጊዜ ቢሆንም ያረፈ ልብ ይሰጥሻል።

ወፈር ያለ መጥበሻ ያዢ። የብረት ምጣድ ካለሽ በጣም ጥሩ። ስሱ አልሙኒየም እሳቱ ባለበት ቦታ ብቻ ያሳርራል። እሳቱን መካከለኛ አድርጊና 2 ደቂቃ ባዶውን አግዪው። ከዚያ አራት አምስት ፍሬ ከሙን ጣዪ። 10 ሰከንድ ሳይሞላ ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፤ አንሺና አብርጂው። ወደ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ሽታው ቀስ ብሎ ከመጣ ልክ ነው።

ፍሬው መጥበሻውን በአንድ ንጣፍ ብቻ ይሸፍን። ከተደራረበ የታችኛው ሲያርር የላይኛው ይጠብቃል። በአንድ ጊዜ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።

ከሙን ከ1 እስከ 1 ደቂቃ ተኩል። አብሽም ከዚያ አይበልጥም፤ እሱን ደግሞ እሳት ቀንሰሽ። ድንብላል ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3። ኮረሪማ ተፈልፍሎ 3 ገደማ። ይህ በኔ ምድጃ ነው፤ ባንቺ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል። ደቂቃው መቼ አጎንብሰሽ ማሽተት እንዳለብሽ ያስታውስሻል እንጂ መቼ እንደምታወጪ አይነግርሽም።

---

ሶስና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 12:50

እኔ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የምጠቀመው። እሳት መቀነስ የሚባል ነገር በቶሎ አይሆንልኝም። ቁልፉን ብመልሰውም ምድጃው እንደጋለ ይቆያል። ደግሞ የኔ ችግር ቅመም ሳይሆን ተልባ ነው። ባመስኩት ቁጥር ይፈናጠራል፤ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። የቀረው ደግሞ አንዳንዴ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል።

---

እትዬ ባልትና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሶስናዬ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ እሳቱን በቁልፍ አትጠብቂው፤ በእጅሽ ጠብቂው። መጥበሻውን አንሺ፣ 10 ሰከንድ አየር ላይ እያወዛወዝሽ ያዢ፣ መልሺ። ሲያልቅ ደግሞ ምድጃውን ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ መገልበጥ ነው።

ተልባ ቅባት አለው፤ ኃይለኛ እሳት አይወድም። ዝቅ ባለ እሳት ላይ አድርጊና ክዳን ገርበብ አድርጊበት። መንጣጣት ሲጀምር አትደንግጪ፤ እየበሰለ ነው። መንጣጣቱ በርክቶ በርክቶ ሲሳሳ አውጪ። ሙሉ በሙሉ ዝም እስኪል ከጠበቅሽ ያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ይመጣል። ሁለት ፍሬ ቀምሰሽ ጥርስሽ ስር ከደቀቀ ደርሷል። ሰሊጥም እንደዚያው ነው፤ እሱ ግን በመልኩም ይታያል።

---

ሚሚ ከፒያሳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

እትዬ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ጥቁር አዝሙድ ድሮውንም ጥቁር ነው። መድረሱን በምን አያለሁ? ቁንዶ በርበሬም እንደዚያው።

---

እትዬ ባልትና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

በዓይንሽ አታይውም። ብዙ ሰው ጥቁር አዝሙድን የሚያሳርረው ለዚህ ነው።

ጥሬው ላይ አንዴ አሽትቺና ያዢው፤ ሽታው ሳል የሚያመጣ ዓይነት፣ ስል ነው። መጥበሻው ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ያ ስለቱ ይለዝባል፤ ጠሽ ጠሽ የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማሻል። ያን ጊዜ ሁለት ፍሬ አንሺ፣ ነጭ ሳህን ላይ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቂ። ጥሬው ይለጠጣል። የደረሰው ይሰበርና ሳህኑ ላይ ትንሽ ቅባት ይተዋል። ከሰል የሚመስል ደረቅ ዱቄት ከሆነ አልፏል።

ለቁንዶ በርበሬ እኔ ሞቅ ማድረግ ብቻ ነው የምወደው። እጅ የማያስይዝ ሲሆን ይበቃዋል።

---

የካዛንቺሱ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

በወፍጮው ተሳስቼ ነበር፤ ይቅርታ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባለቤቴ ኮረሪማን ሳትፈለፍል ከነቅርፊቱ ነው ምጣድ ላይ የምታደርገው። ቅርፊቱ ይደርቅና በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ፍሬው ውስጥ ሆኖ ስለሚግል አያርም ትላለች። እትዬ ምን ይላሉ?

---

እትዬ ባልትና · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

የእናቴም መንገድ እሱ ነበር። እኔ ተፈልፍሎ ነው የምወደው፤ ምክንያቱም ከነቅርፊቱ ሲሆን ውስጡን አላይም፤ የሻገተ ፍሬም ካለ ተደብቆ ያልፋል። ባለቤትህ ፍሬውን ከፈለፈለች በኋላ የምትለቅመው ከሆነ ግን ጥፋት የለውም።

---

መምህር ከአራት ኪሎ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:10

እኛ ቤት ኮረሪማ የሚታመሰው ተፈልፍሎ ነው፤ ሽታው ግን ከነቅርፊቱ ከታመሰው የደከመ ይመስለኛል። ሽታው ዘይት ነው፤ በቀላሉ ይተንናል፤ ቅርፊቱ ያቆየዋል ብዬ አስባለሁ። አወዳድሬ ግን አላየሁትም።

---

ሚሚ ከፒያሳ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:30

እንደገና ሠራሁት። በዝርዝር ልንገራችሁ።

ከጎረቤት የብረት ምጣድ ተዋስኩ። አዲስ ቅመም ገዝቼ፣ አጥቤ አስጥቼ ነበር፤ ከእሱ ትንሽ ብቻ ወሰድኩ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ 2 ከሙን፣ 1 አብሽ፣ 1 ጥቁር አዝሙድ፣ 3 ኮረሪማ። መጀመሪያ እንፋሎት ማውጣቱን ሠራሁ። የብርጭቆ ክዳን ሳስጠጋ ጉም ያዘ፤ እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። ሁለት ቀን ተሰጥቶ እንኳ ውሃ ነበረው። ድንብላሉ ለብቻው 4 ደቂቃ ፈጀ።

ከበረደ በኋላ ማመሱን ጀመርኩ። ሙከራ ብዬ የጣልኳቸው አምስት ፍሬ ከሙኖች ወዲያው ጠቆሩ። ምጣዱን አነሳሁ፣ ትንሽ ጠብቄ ሌላ አምስት ጣልኩ። ሁለተኛው ጊዜ ልክ መጣ።

ከሙኑ፦ በ40 ሰከንድ ትንሽ ሽታ፣ በ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ለውዝ ለውዝ የሚል ሽታ። እዚያው ላይ ትሪ ላይ ገለበጥኩት። ትሪው ላይ ሆኖ እንኳ ትንሽ ጠቆር አለ። ባቆየው ኖሮ ያልፍ ነበር።

አብሹን በጣም ፈርቼው ነበር። እሳቱን ቀነስኩ። በ50 ሰከንድ አንድ ፍሬ ሰበርኩ፤ ውስጡ ጥሬ ቢጫ ነው። በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሌላ ሰበርኩ፤ ወርቅማ ሆኗል፤ ጣፋጭ ሽታ አለው። አወጣሁት።

ድንብላሉ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ወሰደ። ኮረሪማው 3 ከምናምን። ጥቁር አዝሙዱ ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጠሽ ጠሽ የሚለው ድምፅ ገና ሲጀምር ነው ያወጣሁት፤ ሳህኑ ላይ ስጨፈልቀው ግማሹ ተሰበረ፣ ግማሹ ተለጠጠ።

ግማሽ ሰዓት አብርጄ ፈጨሁት። ምስሩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ። ምንም ምሬት የለውም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

የድሮውን ግማሽ ኪሎ ምን ላድርገው? ከአዲሱ ጋር ልቀላቅለው ይሆን?

---

እትዬ ባልትና · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:00

ተባረኪ ልጄ። ጥቁር አዝሙዱ ጥሬ ከሚልሽ ለብቻው መልሺውና ሌላ ግማሽ ደቂቃ ስጪው። ቀድሞ ማውጣት የሚመለስ ስህተት ነው።

የድሮውን ግን አትቀላቅዪው። ያረረ አብሽ በትንሹም ይሰማል፤ ጥሩውን ታጠፊዋለሽ።

ሌላ ነገር ላስታውስሽ። በቡና መፍጫው ፈጭቻለሁ ብለሻል። አዲሱን ከመፍጨትሽ በፊት ጠርገሽው ነበር? የቡና ዱቄት ምላጩ ስር ይደበቃል፤ እሱም ይመራል። አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፈጭተሽ ድፊ፤ ይጠርገዋል።

---

ዳኒ ወጥ ቤት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

ሚሚ፣ በጣም ጥሩ ሠርተሻል። እኔ ግን ግማሽ ኪሎ መድፋት አይዋጥልኝም። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ፣ በደንብ ከቁሌቱ ጋር ሲበስል፣ ሩብ ማንኪያ ብቻ ቢገባ የሚታወቅ አይመስለኝም። በትንሽ ድስት ሞክሪው።

---

ሶስና · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:15

ተልባዬ ተሳካ! መጥበሻውን አየር ላይ አነሳሁ መለስኩ፣ ክዳኑን ገርበብ አደረግሁ፣ መንጣጣቱ ሲሳሳ ገለበጥኩት። 5 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። መሬት ላይ የወደቀው ከአንድ ማንኪያ አይበልጥም።

---

ሚሚ ከፒያሳ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

እትዬ፣ መፍጫውን በጨርቅ ብቻ ነበር የጠረግሁት። አሁን ምላጩን ፈትቼ ሳይ ቡና አለበት። ሩዙን እየፈጨሁ ነው። ጥቁር አዝሙዱን ነገ ጠዋት መልሼ እሳት ላይ አደርገውና ሳህኑ ላይ ያሳየኝን እጽፍላችኋለሁ።